እፉኝት ነው ወይስ አስመሳይ? ሦስት ፎቶ አያይዣለሁ

የጓሮዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት የማገዶ እንጨት ሳነሳ ከሥሩ ይህ እባብ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ክንዴን ያህል ይረዝማል። ውፍረቱ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥም። ቀለሙ ግራጫ ወደ ቡናማ የሚወስደው ነው። ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ ድረስ ጥቁር ቡናማ ምልክቶች ተሰልፈውበታል፣ እንደ ካርታ ዳይመንድ ያሉ።

እንዳየኝ ጭንቅላቱን ጠፍጣፋ አደረገ። ከዚያ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ሲረጭ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ አሰማ። የመጥረጊያ እንጨት ብዘረጋለት አፉን በልቅጦ ተወረወረበት፣ ሁለት ጊዜ። ነክሶ አልያዘም፣ መትቶ ይመለሳል።

አንዱ ፎቶ ከላይ ነው። ሁለተኛው ደብዛዛ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ከጎን በዙም ያነሳሁት ነው። እባቡ አሁንም እንጨቱ ሥር አለ። መርዛማ ነው?

አባ መላ
እህቴ፣ ይሄ ምን ያጠያይቃል? ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን። የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ያለ ስንጥቅ። ጀርባው ላይ ዳይመንድ። እፉኝት ነው፣ አለቀ። መርዝ የሌለው እባብ ጭንቅላቱ ሞላላ፣ ብሌኑ ክብ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ረጅም ዱላ ፈልጊና ገላግዪን።

ቅርፊት ቆጣሪ
የጓሮዋ፣ ዱላውን ተዪው። እባብ ለመግደል ሲጠጉ የሚነከሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሁለት ሜትር በላይ ራቂ፣ ልጆችና ውሻ ካሉ አርቂያቸው፣ መውጫውን አትዝጊበት። እኛ ፎቶውን እንይ።

አባ መላ የጠቀሷቸው ሦስቱም ምልክቶች ፎቶው ላይ አሉ። ትክክል አይተዋል። ችግሩ ያለው መደምደሚያው ላይ ነው። መርዝ የሌለውና እፉኝት የሚመስል አንድ እባብ አለ፣ እንቁላል በሊታው። ሦስቱንም ምልክቶች ያሟላል። እንዲያውም ጥያቄው ከሌሊት እፉኝት ጋር የመለየት ከሆነ የብሌኑ ሕግ ተገልብጦ ቁጭ ይላል። የሌሊት እፉኝት መርዛማ ሆኖ ብሌኑ ክብ ነው። እንቁላል በሊታው መርዝ የለውም፣ ብሌኑ ግን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ ዓይኑን ለጊዜው እንተወው። የመጀመሪያውን ፎቶ፣ ከላይ የተነሳውን፣ አናቱ ላይ አቅርበሽ እዪና አንድ ነገር ንገሪኝ። አናቱ ላይ ያለው ቅርፊት ልክ ከጀርባው ላይ እንዳለው ደቃቃ ነው? ወይስ ሰፋፊ ሆኖ፣ እንደ ወለል ንጣፍ ግራና ቀኝ እኩል የተደረደረ?

የጓሮዋ
ሰፋፊ ነው። በዓይኖቹ መሃል አንድ ረዘም ያለ አለ። ከኋላው ሁለት ትልልቅ ጎን ለጎን አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ደቃቃው የሚጀምረው።

ቅርፊት ቆጣሪ
ጎሽ። ይህ ብቻውን ሁለት አስፈሪ እንግዶችን ከበር መለሰልን። አንዱ መጋዝ ቅርፊት የሚባለው ትንሹ እፉኝት ነው። እንቁላል በሊታውን ቁርጥ ይመስላል፤ ጎኑን እርስ በርስ እያፋተገ ያንኑ የምጣድ ድምፅ ያሰማል። ሁለተኛው ወፍራሙ ትልቁ እፉኝት ነው። የሁለቱም አናት በደቃቃ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፣ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የአንቺ እባብ አናት ንጣፍ ከሆነ ሁለቱም አይደሉም።

አሁን የቀሩን ሁለት ናቸው። የሌሊት እፉኝትና እንቁላል በሊታው። የሌሊት እፉኝት ከእፉኝቶች ሁሉ ወጣ ያለ ነው። እሱም አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅርፊት አለው። ስለዚህ አናቱ እዚህ ላይ አይረዳንም፣ ወደ ጎን መሄድ አለብን።

አባ መላ
ይቅርታ፣ ግን ጭንቅላቱ? ፎቶው ላይ እኮ ሦስት ማዕዘኑ ፍንትው ብሎ ይታያል። አንገቱ ቀጭን ነው፣ የመርዝ ከረጢቱ ጎኑ ላይ አብጧል።

ቅርፊት ቆጣሪ
አባ መላ፣ ሦስተኛውን ፎቶ ከመጀመሪያው አጠገብ ያድርጉት። ያው እባብ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የተነሳ። ጭንቅላቱ ጠባብ ነው፣ ከአንገቱ ብዙም አይለይም። መጀመሪያ ላይ ያዩት እብጠት መርዝ አይደለም። ሲፈራ የመንጋጋውን የኋላ ጫፍ ወደ ጎን ይከፍተዋል፣ ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ብዙ መርዝ የሌላቸው እባቦች ይህን ያደርጋሉ። የሌሊት እፉኝት ደግሞ በተቃራኒው ካልተቆጣ ጭንቅላቱ ድብልብል ያለ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። የጭንቅላት ቅርጽ የእባቡን ስሜት ይነግረኛል፣ ማንነቱን ግን አይነግረኝም።

ሌንስ
ፎቶ አንሺ ነኝ እንጂ የእባብ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ብሌኑ ስትከራከሩ ብርሃኑን አትርሱ። ቀጥ ያለው ብሌን ጨለማ ውስጥ በደንብ ይከፈትና ክብ ለመምሰል ትንሽ ይቀረዋል። ደማቅ ፀሐይ ላይ ደግሞ ይጠብና ክር ያክላል። ሌላው ችግር ስልኩ ነው። በደካማ ብርሃን ሲነሳ ስልኩ ራሱ ምስሉን ያለሰልሰዋል። ሸንተረር ያለው ሻካራ ቅርፊት የተወለወለ መስሎ ይወጣል። በመልእክት መተግበሪያ ሲላክ ደግሞ ይጨመቃል። የጓሮዋ፣ ፎቶውን እንደ ፎቶ አትላኪ፣ እንደ ፋይል ላኪው። ያኔ ዋናው ከነዝርዝሩ ይደርሳል።

የጓሮዋ
እሺ፣ ሦስተኛውን እንደ ፋይል ጫንኩት። እውነትም ልዩነት አለው! አሁን ከንፈሩ ሁሉ ይታያል።

ቅርፊት ቆጣሪ
ሌንስ እጅህ ይባረክ። ይሄ ፋይል ወርቅ ነው።

የጓሮዋ፣ አሁን የላይኛውን ከንፈር ተመልከቺ። ከአፍንጫው ጫፍ ወደ አፉ ማዕዘን የሚሄዱ፣ እንደ ጥርስ የተሰለፉ ቅርፊቶች አሉ። ከፊት ጀምረሽ ቁጠሪያቸው። ዓይኑ ሥር ስትደርሺ ቁሚ። የከንፈሩ ቅርፊት ከዓይኑ ጋር ይነካካል? ወይስ በሁለቱ መሃል ሌላ ደቃቃ ቅርፊት ገብቷል?

ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው። የሌሊት እፉኝት ከዓይኑ ሥር ትንንሽ ቅርፊቶች ተደርድረውበታል። ከንፈሩ ዓይኑን አይነካም። መጋዝ ቅርፊቱም እንደዚሁ ነው። እንቁላል በሊታው ግን መሃል ላይ ምንም የለውም፣ የከንፈሩ ቅርፊት ቀጥታ ዓይኑ ድረስ ይወጣል።

የጓሮዋ
ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ሰባት ናቸው መሰለኝ፣ የመጨረሻው ትንሽ ደብዝዟል። ሦስተኛውና አራተኛው ዓይኑን ይነካሉ። መሃል ላይ ምንም የለም። ልጄም አየው፣ እሱም ምንም የለም አለ።

ቅርፊት ቆጣሪ
እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው። እንቁላል በሊታ ነው።

ግን በአንድ ምልክት መፍረድ አልወድም። ሁለት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ማጅራቱን እዪ። የሌሊት እፉኝት አናቱ ላይ አንድ ትልቅ፣ ሙሉ ጥቁር የ«ቪ» ምልክት አለው። ሹል ጫፉ ወደ አፍንጫው ያመለክታል፣ ሁለቱ እግሮቹ ወደ አንገቱ ይወርዳሉ። የአንቺው «ቪ» ግን አናቱ ላይ አይደለም፣ ወደ ማጅራቱ ወርዷል። ቀጭን ነው፣ ደግሞም ሁለት ነው፣ አንዱ ከሌላው ኋላ።

ሁለተኛው ቅርፊቱ ነው። ጎኑ ላይ አቅርቢና እዪው። እያንዳንዱ ቅርፊት መሃሉ ላይ ሸንተረር አለው። ከሆዱ ከፍ ብሎ ያሉት ረድፎች ደግሞ ጋደም ብለው ነው የተሰለፉት፣ ሸንተረራቸውም የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። የሰማሽው ድምፅ ከዚያ ነው የመጣው፣ ከአፉ አይደለም። የሌሊት እፉኝት ሲቆጣ አየር ስቦ ተነፍቶ ነው የሚያፏጨው። ቅርፊቱም ለስላሳ ነው፣ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል።

የጓሮዋ
አሁን ገባኝ! ድምፁ ሲወጣ አፉ ዝግ ነበር፣ ገላው ነበር የሚንቀሳቀሰው። ግራ ገብቶኝ ነበር። ሲከፍተው ደግሞ የአፉ ውስጥ ጥቁር ነበር፣ እንደ ቀለም።

ቅርፊት ቆጣሪ
ጥቁር አፍም የእሱ ነው። ጥርስ የለውም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ መወራወር ባዶ ማስፈራሪያ ነው። እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ይውጣል፣ ጉሮሮው ውስጥ ከአከርካሪው ወደ ታች የወጡ አጥንቶች ይሰብሩለታል፣ ፈሳሹን ጠጥቶ ቅርፊቱን አጣጥፎ ይተፋዋል።

ዶሮ አርቢው
ወዳጆች፣ ይህን ሳነብ ሆዴ ተገላበጠ። ባለፈው ወር የዶሮ ቤት በር ላይ አንድ አግኝቼ ነበር። ብሌኑ ክብ፣ ጭንቅላቱ ሞላላ፣ አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅርፊት። እኔም አባ መላ እንዳሉት ነበር የማውቀው፣ ክብ ከሆነ ደህና ነው። በአካፋ አነሳሁትና አጥር ጥግ ጣልኩት። አካፋው ላይ ሆኖ እጄ ከእሱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ፎቶው ይኸው። እንቁላል ፍለጋ የመጣ እንቁላል በሊታ ነው ብዬ ነበር።

ቅርፊት ቆጣሪ
ዶሮ አርቢው፣ እግዜር አትርፎሃል። ፎቶህ ጥሩ ነው። ዓይኑ ሥር እይ፣ በዓይኑና በከንፈሩ መሃል ትንንሽ ቅርፊቶች ተደርድረዋል። አናቱ ላይ ያለው «ቪ» አንድና ወፍራም ነው፣ ጫፉ በዓይኖቹ መሃል። ጅራቱ አጭር ነው፣ ድንገት ቀጥኖ ያልቃል። የሌሊት እፉኝት ነው። ዶሮ ቤት ድረስ ያመጣው እንቁላል ሳይሆን እንቁራሪት ሳይሆን አይቀርም። ዋና ምግቡ እሱና ጉርጥ ነው፣ ውሃ የሚደፋበት ቦታ አያጣውም።

መርዙ ብዙውን ጊዜ ከባድ ሕመምና እብጠት ነው የሚያመጣው። ያም ሆኖ ቀላል ነው ብሎ ቤት መቀመጥ የለም፣ ሕክምና መሄድ ነው። እባቡን ለመለየት ደግሞ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ፎቶ ካለ ይዞ መሄድ፣ ከሌለ አለመፈለግ። መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የሚባለውንም እርሱት።

ዶሮ አርቢው
ጉርጥስ እውነት ነው፣ የውሃ መጠጫው ሥር ሞልቷል። አካፋውን ካሁን በኋላ በረጅም እጀታ እቀይራለሁ።

ቅርፊት ቆጣሪ
አካፋውን ተውና በሩን ከፍተህ ራቅ።

አባ መላ
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ሕጌ ውሸት ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አልከዳኝም? ብዙ ጊዜ ይሠራል እኮ።

ቅርፊት ቆጣሪ
ወፍራሙን እፉኝት ሲያገኙ ይሠራል፣ ደግሞ እሱ በየቦታው ያለ ነው። ያን ማንም አይስተውም። ሕጉ የሚሰበረው ግን በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው። የኮብራና የማምባ ብሌን ክብ ነው። ቡምስላንግ የሚባለው የዛፍ እባብ ትልቅ ክብ ዓይን አለው፣ አጭር ፊት፣ የሕፃን መልክ ነው ያለው፣ መርዙ ግን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። በአባ መላ ሕግ ሦስቱም ደህና ናቸው። ሕጉ አልከዳዎትም ካሉ ሁሉንም ዱላ ስላስቀመሷቸው ይሆናል፣ የሞተ እባብ አይከራከርም።

አባ መላ
😄 ይህስ እውነት ነው።

ሌንስ
ቅርፊት ቆጣሪ፣ ታዲያ የከንፈሩ ሕግ ራሱ ለኮብራና ለማምባ ይሠራል? ከንፈሩ ዓይኑን ከነካ ደህና ነው ማለት ነው?

ቅርፊት ቆጣሪ
በፍጹም! ይህን መጠየቅህ ጥሩ ነው፣ ሰው ይህን ክር አንብቦ ሌላ ቦታ እንዳይጠቀምበት። የማምባም የቡምስላንግም ከንፈር ዓይናቸውን ይነካል። የከንፈሩ ምልክት ዋጋ ያለው ጥያቄው «እፉኝት ነው ወይስ እንቁላል በሊታ?» ከሆነ በኋላ ብቻ ነው። እዚያ ያደረሰን የጀርባው ዳይመንድ፣ ሻካራው ቅርፊትና ያ ድምፅ ነው። ማምባ ጀርባው ላይ ዳይመንድ የለውም። መጀመሪያ እጩዎቹን መቀነስ፣ ከዚያ በሁለቱ መሃል ያለውን ልዩነት መፈለግ ነው። ለሌላ ጥንድ ሌላ ምልክት ነው የሚሠራው።

ሌንስ
ገባኝ። ግን ከጎን ፎቶ ማንሳት እኮ መጠጋት ይፈልጋል። ፍላሽ ከሩቅ ብንጠቀም አይሻልም?

ቅርፊት ቆጣሪ
እኔ ፍላሽ አልወድም። ቅርፊቱ ያብረቀርቅና ሸንተረሩ ይጠፋል።

ሌንስ
ፊት ለፊት ከሆነ አዎ። ከጎን በባትሪ ካበሩበት ግን ሸንተረሩ ጥላ ይጥላል፣ እንዲያውም ጎልቶ ይወጣል። አንድ ሰው ባትሪውን ከወዲያ ማዶ ይይዛል፣ ሌላው ያነሳል።

ቅርፊት ቆጣሪ
ሁለት ሰው እባቡን ከሁለት ወገን ከቦት? መውጫ ያጣ እባብ አልወድም። አንተ በሙያህ ልክ ልትሆን ትችላለህ፣ እኔ ግን አላደርገውም።

ጥቁሩ እንግዳ
ሰላም። ርዕሱን ስላየሁ ነው የገባሁት። የእኔ ዳይመንድም ምልክትም የለውም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ከአንገቱ የማይለይ፣ ዓይኑ ጤፍ የምታክል። ከዝናብ በኋላ መሬት ስቆፍር ወጣ። ባልዲ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከላይ እንዳነበብኩት አናቱ ላይ ሰፋፊ ቅርፊት አለው። እንግዲህ መርዝ የለውም ማለት ነው አይደል? ፎቶው ባልዲው ውስጥ ነው፣ ይቅርታ ጨለማ ነው።

ቅርፊት ቆጣሪ
ጥቁሩ እንግዳ፣ አይደለም! ከላይ የተባለው ለአንተ እባብ አይሠራም። እጅህን ባልዲው ውስጥ እንዳትከት።

ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ትንሽ ዓይን፣ ከአፈር የወጣ። መሬት ውስጥ የሚኖሩ መርዝ የሌላቸው ብዙ እባቦች ይህን መልክ አላቸው። በአማርኛ ስሙን አላውቀውም እንጂ ጥርሱን አፉን ሳይከፍት ወደ ጎን አውጥቶ የሚወጋ መርዛማ አለ፣ እሱም ይህንኑ መልክ አለው። ሌላውን እባብ እንደሚይዙት ከጭንቅላቱ ኋላ ይዞ ማንሳት እሱ ላይ አይሠራም። ጣትህ ባለበት ወደ ጎን ይወጋሃል። እነዚህን ከዚህ ፎቶ መለየት አልችልም። ጭንቅላቱ አካባቢ ያሉትን ቅርፊቶች በቅርብ ማየት ይፈልጋል፣ ፎቶህ ላይ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ነው የሚታየው።

ጥቁሩ እንግዳ
እንግዲህ ምን ላድርገው? ባልዲውን በጣውላ ከድኜዋለሁ።

ቅርፊት ቆጣሪ
ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫንበት፣ ልጅ እንዳይነካው። ነገ ሲነጋ፣ በደንብ ብርሃን ሲሆን፣ ክዳኑን በረጅም እንጨት ገፍተህ ከላይ ቀጥታ ፎቶ አንሳው። ጭንቅላቱና የጅራቱ ጫፍ በአንድ ፎቶ ይግቡ። የጅራቱ ጫፍ ላይ ሹል እሾህ የመሰለ ነገር ካለ ንገረን፣ ብቻውን ባይፈርድም ይረዳል። እንደ ፋይል ጫነው።

የጓሮዋ
እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከሰዓት ስመለስ እባቡ ሄዷል። እንጨቱን በመቆፈሪያ ገለበጥኩት። ከሥሩ የተጨማደደ የእንቁላል ቅርፊት አለ፣ እንደታጠፈ ወረቀት። አልደቀቀም፣ ቁራሾቹ በውስጠኛው ስስ ሽፋን ተያይዘዋል። ትንሽ ነው፣ የዶሮ አይደለም፣ የወፍ ይመስላል። ፎቶ አያይዣለሁ።

ቅርፊት ቆጣሪ
ከፎቶውም በላይ ይሄን ወደድኩት።

አባ መላ
ጥቁሩ እንግዳ፣ ነጋ እኮ። የት ጠፋህ?